ሱሪው የት ያልቃል? ጫማን ከሱሪ ርዝመትና ስፋት ጋር የማዛመድ ዝርዝር መመሪያ

ጫማና ሱሪ አልዋደድ ሲሉን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ቀለሙን ነው። ቡኒውን አውልቀን ጥቁሩን እናደርጋለን። ጥቁሩን አውልቀን ነጩን እንሞክራለን። አሁንም አንድ ነገር ይጎድላል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ቀለም አይደለም። የሱሪው ጫፍ ጫማው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጫፉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ያው ጫማ ሌላ ጫማ ይመስላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ርዝመት፣ ቀጥሎ የእግሩ ስፋት፣ ከዚያ የጫማው ቅርጽ፣ በመጨረሻ ቀለም። ሦስቱ ከተስተካከሉ ቀለም ቀላል ሥራ ነው። ሦስቱ ከተበላሹ ግን የትኛውም ቀለም አያድነውም።

ነገሩን በአንድ ሰው ልብስ ላይ እያየን እንሂድ። አንድ የቅርብ ዘመዴ በጥር ሰርግ ሚዜ ነው። ሚዜዎቹ ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ተገዝቶላቸዋል። ጫማ ግን እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣል። የባህር ዳር ሰርግ ደግሞ ጫማን በደንብ ይፈትናል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወልቃል። ከቀትር በኋላ ጣና ዳር ፎቶ አለ፤ ሣርም ድንጋይም ይረገጣል። ማታ ጭፈራ ነው። በመሃል ባጃጅ ውስጥ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ አለ። ሱሪውና ጫማው እነዚህን ሁሉ አብረው ማለፍ አለባቸው።

መጀመሪያ፦ ወደ ልብስ ሰፊው ጫማውን ይዛችሁ ሂዱ

ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ሱሪ የሚለካው ከሰው ቁመት ጋር ብቻ አይደለም፤ አብሮት ከሚደረገው ጫማ ጋር ነው። ብዙዎቻችን ግን ልብስ ሰፊው ጋ የምንደርሰው በነጠላ ጫማ ወይም ቀኑን ስንዞርበት በዋልነው ስኒከር ነው። ሶሉ 1 ሳንቲ ሜትር በሆነ ነጠላ ጫማ የተለካ ሱሪ፣ ተረከዙ 3 ሳንቲ ሜትር በሆነ የቆዳ ጫማ ላይ ሲለበስ 2 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ያኔ ካልሲው ይታያል፤ ጥፋቱ ግን የልብስ ሰፊው አይደለም።

ከመለካቱ በፊት ሱሪው ጥጥ ወይም ጂንስ ከሆነ አንድ ጊዜ ይታጠብ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ሊሰበሰብ ይችላል። ከወገብ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር በሆነ ሱሪ ላይ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር መቀነሱ የተለመደ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ያጠረን ጨርቅ ማንም አይመልሰውም። የሙሉ ልብስ ሱሪ ግን በውኃ አይታጠብም፤ እንዳለ ይለካ።

ልኩ ሲወሰድ ጫማው ታስሮ፣ ቀበቶው በየቀኑ በሚታሰርበት ቦታ ታስሮ ይሁን። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ወደ ፊት እዩ። ወደ ታች ጎንበስ ብላችሁ ጫፉን ልታዩ ስትሞክሩ የሱሪው ኋላ ወደ ላይ ይሳባል፣ ፊቱ ደግሞ ጫማው ላይ ይወድቃል፤ ልኩ ይሳሳታል። ስለዚህ የሚያየው ሌላ ሰው ይሁን፤ ወይም መስታወት ፊት ቁሙ። ሁለቱም እግር ለየብቻው በስፒል ይያዝ። የብዙ ሰው አንድ እግር ከሌላው በትንሹ ይለያል። አንዱን ብቻ ለክቶ ሌላውን በእሱ መቁረጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚያዛንፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የት እንደሚያልቅ ይወሰን። ሦስት ማረፊያዎች አሉ።

አንደኛው ጫፉ የጫማውን የላይኛውን ጠርዝ ነካ አድርጎ የሚያቆምበት ነው። ፊት ለፊት ምንም እጥፋት የለም። ሱሪው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ለጠባብ ሱሪ፣ ለቀጭን ጨርቅና ለሎፈር የሚስማማው ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው ጫፉ ጫማው ላይ አረፍ ብሎ ፊት ለፊት አንድ ቀላል እጥፋት የሚፈጥርበት ነው። የማሰሪያው የላይኛው ክፍል ይሸፈናል፤ የታችኛው ይታያል። ለሙሉ ልብስና ለማሰሪያ ጫማ ከዚህ የተሻለ የለም። ስትራመዱ ካልሲ ብልጭ ይላል፤ ስትቆሙ ይጠፋል።

ሦስተኛው ጨርቁ ጫማው ላይ ተከምሮ ጥልቅ እጥፋት የሚሠራበት ነው። ይህ የሚሠራው በሰፊ ሱሪና ከበድ ባለ ጨርቅ ብቻ ነው። በጠባብ ሱሪ ከተሞከረ ጨርቁ ቁርጭምጭሚት ላይ ይሸበሸባል፤ የተበደሩት ሱሪ ያስመስላል።

እዚህ ላይ የከተማችን አየር የራሱ ድርሻ አለው። ሙቀት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የምንለብሰው ስስ ጨርቅ ነው። ስስ ጨርቅ ደግሞ እጥፋት አይችልም። ክብደት ስለሌለው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ጫማው ላይ ይጨማደዳል። ስለዚህ የበጋ ስስ ሱሪያችሁን ከሙሉ ልብስ ሱሪያችሁ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል አሳጥሩት።

ለልብስ ሰፊው ሁለት ነገር ንገሩት። አንዱ ጫፉ ዘንበል ይበል የሚል ነው። «ጋሼ፣ ፊቱን እዚህ ላይ ይያዙልኝ፤ ኋላውን ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉት» ማለት ይበቃል። ፊቱ ጫማው አናት ላይ ስለሚያርፍ ያጥራል፤ ኋላው የተረከዙን ቆዳ ስለሚሸፍን ይረዝማል። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ግን ወይ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ወይ ኋላው ካልሲ ያሳያል። ሁለተኛው ትርፉ ጨርቅ ተቆርጦ አይጣል የሚል ነው። ወደ ውስጥ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ታጥፎ ይሰፋ። ነገ ሌላ ጫማ ስትገዙ ማስረዘም ትችላላችሁ። ደግሞም የታጠፈው ጨርቅ ጫፉን ያከብደዋል፤ ሱሪው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያግዛል።

የቤተ ክርስቲያኑ ፈተና

ስለ ሱሪ ርዝመት የሚሰጥ ምክር ብዙውን ጊዜ ጫማ እስከ ማታ ከእግር እንደማይወልቅ ታስቦ ነው። እኛ ግን ጊዮርጊስ ደጅ ጫማ እናወልቃለን። ወደ ዘጌ በጀልባ ተሻግረን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንገባም እናወልቃለን። ብዙ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ጫማው ሲወልቅ ሰውየው በተረከዙ ልክ ዝቅ ይላል፤ ሱሪው ግን ያው ነው።

የሚሠራው ስሌት ቀላል ነው። ጫማ አድርጋችሁ ቁሙና የሱሪው ኋላ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ ለኩ። ከዚያ የተረከዙን ቁመት ቀንሱ። የቀረው ከዜሮ በላይ ከሆነ ጫማ ስታወልቁ ሱሪው መሬት አይነካም። የሚዜው ጫማ ተረከዙ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። የሱሪው ኋላ ከመሬት 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ እንዲያልቅ ተደረገ። ባዶ እግሩን ሲሆን 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይተርፈዋል። እጥፋቱን ጥልቅ አድርጎ ኋላውን 2 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢያስጨርሰው ኖሮ፣ በሥርዓተ ተክሊሉ ሰዓት ጫፉን በተረከዙ እየረገጠ ይቆም ነበር። የሱሪ ጫፍ ስፌት የሚበጠሰው በአብዛኛው እንዲህ ሲረገጥ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ካልሲ። ጫማ በሚወልቅበት ቀን ካልሲ ራሱ ጫማ ነው ብላችሁ አስቡ። ቀለሙ ወደ ሱሪው ይሂድ እንጂ ወደ ጫማው አይሂድ። ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ከሆነ ጥቁር ሰማያዊ ካልሲ። እንዲህ ሲሆን ስትቀመጡ እግሩ ሳይቆራረጥ እስከ ጫማው ይዘልቃል። ርዝመቱም ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣችሁ ይፈተን። ጉልበት ሲታጠፍ ሱሪ ወደ ላይ ይሳባል። ያኔ ቆዳ ከታየ ካልሲው አጭር ነው።

ስፋቱን ከጫማው ርዝመት ጋር አነጻጽሩ

ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የእግሩን ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ለኩ። ከዚያ ጫማውን ከውጭ፣ ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ ለኩ። ጥያቄው ሱሪው የጫማውን ስንት እጅ ይሸፍናል የሚል ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ሲሸፍን ዓይን ይረጋጋል። ከግማሽ በታች ሲሆን ጫማው ረዝሞ ይታያል። ከአምስት እጅ አራቱን ካለፈ ደግሞ ጫማው ይዋጣል፤ እግር ያለ ጫማ የቀረ ይመስላል።

የሚዜው ጥቁር ማሰሪያ ጫማ ቁጥሩ 42 ነው፤ ከውጭ ሲለካ 31 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሱሪው ሲገዛ ጫፉ 22 ነበር። እሱ ጠበብ ይበልልኝ፣ 17 ይሁን አለ። ጓደኞቹ ሁሉ እንደዚያ ስለሚለብሱ ነው። 17 ግን ከ31 ግማሹን ብዙም አይበልጥም። የቆዳው ጫማ ደግሞ አፍንጫው ረዘም ያለ ነው። ፎቶ ላይ ጫማው ከሰውየው ቀድሞ ይታያል። ስለዚህ 20 ላይ ተስማማን። ያ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይጠጋል። ከጉልበት በታች ቀስ እያለ እንዲጠብ ተደረገ፤ ጫፉ ላይ ብቻ በድንገት አልጠበበም። በድንገት የሚጠብ ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ ይያዛል፤ ከተቀመጡ በኋላ ሲነሱም ወደ ቦታው አይመለስም።

ጠባብ ሱሪ ብቻ ያላችሁ፣ ጫፉ 15 ወይም 16 ከሆነ፣ ጫማውን አሳንሱ። ሶሉ ቀጭን፣ አፍንጫው አጭርና ክብ የሆነ ምረጡ። ወፍራም ሶል ያለው ስኒከር በጠባብ ሱሪ ሥር እግርን እጥፍ ያደርገዋል። ርዝመቱም ቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ይብቃ፤ የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለ ትርፍ ጨርቅ ካለ የግድ ይሸበሸባል። ሌላው አማራጭ አንገቱ ከፍ ያለ፣ ጎኑ ላስቲክ የሆነ ቀጭን ቡትስ ነው። የሱሪው ጫፍ ቡትሱ አንገት ላይ ስለሚያርፍ ሱሪና ጫማ አንድ መስመር ይሆናሉ። ጥቁር ከጥቁር ሲሆን ይበልጥ ያምራል።

ቀጥ ያለ ሱሪ፣ ጫፉ ከ19 እስከ 21 የሆነ፣ ከሁሉም ጋር ይኖራል። የማሰሪያ ጫማም፣ ሎፈርም፣ ተራ ሸራ ጫማም ይቀበላል። አንድ ሱሪ ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ይህን እላለሁ። በከተማችን በብስክሌት የሚሄድም ሰው ይህን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሰፊ ሱሪ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ጫፉ ይያዛል፤ ግራሶ ይጠጣል፤ ግራሶ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ሰፊውን ለብሶ ብስክሌት የሚይዝ ቀኝ እግሩን በላስቲክ ይሰረው።

አሁን ወጣቱ የያዘው ሰፊው ሱሪ ነው፤ ጫፉ 25፣ 26፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ብዙዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ከጠባብ ሱሪ ጊዜ የተረፈችውን ቀጭን ጫማ ሲያደርጉበት ነው። 26 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ሥር ቀጭን ሎፈር ይጠፋል። ሰፊ ሱሪ ከሥሩ ክብደት ይፈልጋል። ሶሉ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስኒከር፣ ከበድ ያለ ቡትስ፣ ወይም ሶሉ ወፍራም የሆነ ሎፈር ይሁን። ወፍራም ሶል ሌላም ጥቅም አለው። ጫፉን ከመሬት ያርቀዋል፤ ይህም ከአቧራና ከጭቃ ያድነዋል። ሰፊ ሱሪ ከሰልባጅ ገበያ ስትገዙ ደግሞ ከሁሉ በፊት የጫፉን ኋላ ገልብጡና እዩ። የቀድሞ ባለቤቱ ሲረግጠው የኖረ ከሆነ ክሩ ተበልቶ፣ ጨርቁ ተነጭቶ ታገኙታላችሁ። ያ ሱሪ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር መቆረጥ አለበት። ከተቆረጠ በኋላ ይደርስላችሁ እንደሆነ አስቡ።

የሴቶች ሰፊ ሱሪና ታኮ

ለሴቶች ጉዳዩ ጠንከር ይላል፤ የጫማቸው ቁመት በጣም ይለያያልና። ለአንድ ሱሪ አንድ የታኮ ቁመት ይወሰን። ለ7 ሳንቲ ሜትር ታኮ የተቆረጠ ሰፊ ሱሪ በጠፍጣፋ ጫማ ሲለበስ መሬት ይጠርጋል። ለጠፍጣፋ የተቆረጠው ደግሞ በታኮ ሲለበስ ያጠረ ይመስላል፤ በተለይ ከጉልበት በታች እየሰፋ የሚሄደው ቤልቦ። አንድ ሱሪ የሚችለው የጫማ ቁመት ልዩነት ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ የቢሮ ሱሪያችሁን በምታዘወትሩት ጫማ አስቆርጡት። ሁሌ በ4 ሳንቲ ሜትር ታኮ የምትሄዱ ከሆነ 3ም 5ም ይሆናል፤ ጠፍጣፋና 8 ግን አብረው አይሄዱም።

እየሰፋ የሚወርድ ሱሪ ሲሆን ጫፉ ከመሬት ከ1 እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ከፍ ይበል። ታኮው እንዲሸፈን፣ አፍንጫው ብቻ እንዲወጣ ነው። እግር የሚረዝመው በዚህ ነው። አፍንጫው ሹል ወይም ሾጠጥ ያለ ይሁን። ክብ አፍንጫ ከሰፊ ጨርቅ ሥር ሲወጣ ደብዛዛ ይሆናል። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ጫማ እዚህ ጥቅም የለውም፤ ማሰሪያው አይታይም፤ ሲራመዱ ጨርቁን ብቻ ይይዛል።

አጭር ሱሪ፦ ቆዳችን ሦስተኛው ቀለም ነው

ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚያልቅ ሱሪ ጣና ዳር ለሚንሸራሸር ሰው ምቹ ነው። አየር ያስገባል፤ ጀልባ ላይ ሲወጡም ጫፉ አይርስም። ርዝመቱ ግን ቦታ ይፈልጋል። እግር ከሁሉ የሚቀጥንበት ቦታ ከቁርጭምጭሚት አጥንት ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ነው፤ እዚያ ላይ ይለቅ። ባት መሃል ላይ ከለቀቀ፣ እግር በሚሰፋበት ቦታ መስመር ስለሚያሰምር ያሳጥራል፤ ያወፍራልም።

እዚህ የሚረሳው ነገር በሱሪና በጫማ መሃል የምትታየው ቆዳ ናት። እሷም ቀለም ናት። የጫማው ቀለም ወደ ቆዳችሁ ሲጠጋ እግር እስከ ጣት የረዘመ ይመስላል። «የቆዳ ቀለም» ተብሎ ከውጭ የሚመጣው ጫማ ብዙ ጊዜ ፈዛዛ ክሬም ነው። ያ የእኛ ቆዳ አይደለም። የእኛው ከወተት የበዛበት ማኪያቶ እስከ ጥቁር ቡና ይደርሳል። ስለዚህ ጫማውን እግራችሁ አጠገብ፣ በቀን ብርሃን አስጠግታችሁ ምረጡ። ፈዛዛው ክሬም በጠይም እግር ላይ ሲሆን እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቆርጠዋል። ለሴቶች ፊቱ ከፈት ያለ፣ የእግርን ጀርባ የሚያሳይ ጫማ ይህን ርዝመት ይጨምራል። ወንዶች ደግሞ በአጭር ሱሪ ሎፈር ወይም ዝቅ ያለ ሸራ ጫማ አድርጉ፤ ካልሲውም ከጫማው ውስጥ የማይወጣ ይሁን። ነጭ ካልሲ ግማሽ ባት ድረስ ስቦ ቡኒ ሎፈር ማድረግን ግን እኔ አልመክርም። ፋሽን ነው የሚል ይኖራል፤ ዓይኔ አልተቀበለውም።

አሁን ቀለም

ቀለምን ከሱቅ አምፖል ሥር አትምረጡ። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ በአምፖል አንድ ናቸው። ወደ በሩ ውጡ፤ ሱሪውንና ጫማውን ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ያዙ።

ጫማው ከሱሪው እኩል ወይም የጠቆረ ሲሆን ስህተት አይገኝም። ዓይን ክብደቱን ከታች ይፈልገዋል። ከዚህ ውጭ የሚወጣው ነጭ ስኒከር ነው። እሱ የሚሠራው ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከላይም ነጭ ነገር ካለ፣ ቲሸርት ይሁን የሸሚዝ አንገት፣ የተሳሰበ ይመስላል።

ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ብዙ ጫማ ይቀበላል። ጥቁር ለከበደ ቀን፣ ጥቁር ቡኒ ለሌላው ጊዜ። ፈካ ያለ ቡኒ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ያምራል፤ ማታ ግን ከሱሪው ተለይቶ ብቻውን ያበራል። ጥቁር ሱሪ ጥቁር ጫማ ነው የሚፈልገው፤ ከዚያ ውጭ ነጭ ስኒከር። ቡኒ ሲደረግበት ሌላ ጫማ የታጣ ያስመስላል። ግራጫ በጥልቀቱ ይለያል፦ የጠቆረው ወደ ጥቁር ጫማ፣ የፈዘዘው ወደ ቡኒ ይሄዳል። ካኪና የወይራ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ ቡኒ ይወዳሉ። ክሬምና ነጭ ሱሪ ላይ ጥቁር ጫማ ከባድ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ወይም ነጭ ይሻላል።

ርዝመቱ ቀለሙንም ይለውጠዋል። ሱሪው ጫማው ላይ ካረፈ ሁለቱ ቀለሞች ይነካካሉ፤ ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጥቁር ቡኒ ከጥቁር ሱሪ ጋር፣ ተሳስታችሁ የመረጣችሁት ይመስላል። ወይ አንድ ይሁኑ፣ ወይ በግልጽ ይለያዩ። አጭር ሱሪ ሲሆን ግን ቆዳ መሃላቸው ስለሚገባ ቀለሞቹ አይፎካከሩም፤ ደፈር ማለት ይቻላል።

ቀበቶ ከጫማው ጋር ይሂድ፤ በትክክል አንድ ባይሆንም ከአንድ ቤተሰብ። ሊስትሮ ጋ ስትቀመጡም ቡኒ ጫማችሁን በምን ቀለም እንደሚቀባ ጠይቁ። ፈካ ያለ ቡኒ ላይ ጥቁር ቡኒ ቀለም ሲደጋገም በጥቂት ወር ሌላ ጫማ ይሆናል። ካልፈለጋችሁት ቀለም የሌለውን ክሬም በሉ።

የሚዜው ውሳኔ

ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ጫማዎች ነበሩ። ጥቁሩ ማሰሪያ ጫማ፣ ፈካ ያለ ቡኒ ሎፈር፣ እና ሶሉ ወፍራም የሆነ ነጭ ስኒከር። ሎፈሩ ለማውለቅ ይቀል ነበር። ግን ተረከዙ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሱሪው ለ3 ከተቆረጠ 1 ሳንቲ ሜትር ይረዝምበታል። ደግሞ ሌሎቹ ሚዜዎች ጥቁር ስለሚያደርጉ በፎቶው ላይ አንድ ፈካ ያለ እግር ብቻውን ይለያል። ስኒከሩ በ20 ሳንቲ ሜትር ጫፍ ሥር ይከብዳል። ጥቁሩ ተመረጠ። ማሰሪያው ላልቶ እንዲታሰር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሳይፈታ እንዲወልቅም ተሞከረ። ይህ ተረከዙን ስለሚያለቅቀው ለፎቶና ለጭፈራ እንደገና ጠበቅ ይደረጋል።

ልብስ ሰፊው ጋ የመጨረሻው ሙከራ እንዲህ ሆነ። ጫማውን አድርጎ ቆመ፤ ፊት ለፊት አንድ ቀላል እጥፋት። ተራመደ፤ ካልሲው ብልጭ ብሎ ጠፋ። ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ቆዳ አልታየም። ጫማውን አወለቀ፤ ኋላው ወለል አልነካም። እስክስታ እንዲሞክር ተጠየቀ፤ ያ ከላይ ስለሆነ ሱሪውን አይነካውም። ጉልበቱን ብድግ አድርጎ ሲዘል ግን ስፌቱ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ያዘው። ከጉልበቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ተለቀቀ፤ ጫፉ 20 እንዳለ ቀረ።

ክረምት ሲገባ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ሌላ ስሌት ነው። ጨርቅ ውኃ ወደ ላይ ይስባል። መሬት የነካ ጫፍ በአንድ መንገድ እስከ ባት ይርሳል። ስለዚህ ጥልቅ እጥፋት ያለውን ሱሪ አስቀምጡ። ቀጥ ያለውን ጂንስ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በማጠፍ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ጠቅልሉትና ቡትስ አድርጉበት። የተጠቀለለው የቡትሱን አንገት ነካ ያድርግ፤ መሃል ላይ ካልሲ ከታየ አንዱን ዙር ልቀቁት። ክሬም ሱሪ ለብሳችሁ መውጣት ካለባችሁ ኋላውን እዩት። ከተረከዝ የሚረጨው ጭቃ የሚያርፈው ከጫፉ በላይ፣ በባት በኩል ነው። ከደረቀ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ይራገፍ እንጂ እርጥቡን አትሹት፤ እርጥቡ ከተሸ ወደ ክሩ ይገባል።